ለ9ኛ ክፍል አልጀብራ የመነሻ ምርመራ ፈተና አዘገጃጀት፦ የተሳሳተውን መልስ ማናገር

የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር መስከረም ላይ የሚረከበው ክፍል ከአምስት ከስድስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች የመጣ ነው። አንዱ ተማሪ ሒሳብን እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሯል፤ ሌላው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ። አንዱ የኢንቲጀርን ምዕራፍ በደንብ ጨርሷል፣ ሌላው ዓመቱ አልቆበት አልፎታል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት እጅ ላይ ቢኖርም የሚነግረን ድምር ብቻ ነው። ከመቶ 55 ያመጡ ሁለት ተማሪዎች አንዱ ክፍልፋይ፣ ሌላው ቅንፍ መፍታት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሃያ ጥያቄ አውጥቶ መፈተን፣ ማረም፣ አማካዩ 8 ሆኖ ሲገኝ «መሠረት የላቸውም» ብሎ ወደ ምዕራፍ አንድ መግባት ነው። ይህ ፈተና ምንም አልመረመረም። መምህሩ በማግስቱ ክፍል ገብቶ የሚሠራውን አልቀየረለትምና። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለአንድ ውስን ነገር፣ ይኸውም ለመስመራዊ እኩልታ ምዕራፍ፣ የሚሆን የመነሻ ፈተና እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንደሚታረምና እንደሚነበብ ያሳያል። ለሌላ ምዕራፍም አካሄዱ ያው ነው።

ከመድረሻው ወደ ኋላ መቁጠር

የጥያቄ ዝርዝር ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ አይለቀም። እንዲያ ከተደረገ ፐርሰንቱም፣ የክበብ ስፋቱም፣ ስታቲስቲክሱም ይገባና ፈተናው ሁሉን ነካክቶ አንዱንም ሳይመረምር ይቀራል። የሚጀመረው ተማሪው በምዕራፉ መጨረሻ ሊሠራው ከሚገባ አንድ ሁለት እኩልታ ነው። ለምሳሌ እነዚህን ይውሰዱ፦

```
5 - 2(x - 4) = 3x + 3
x/2 + x/3 = 10
```

ሁለቱንም ወረቀት ላይ ይሥሩ። እንደ መምህር አይዝለሉ፤ እያንዳንዷን እርምጃ በአንድ መስመር ይጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ይህን ለማድረግ ተማሪው ምን ማወቅ አለበት?» ብለው መልሱን ያስቀምጡ። የመጀመሪያው እኩልታ ሲፈታ በቅንፉ ፊት ያለው −2 ሁለቱንም ተርሞች ማባዛት አለበት፣ −2 ሲባዛ በ−4 ምልክቱ ይቀየራል፣ 5 እና 8 ይደመራሉ፣ 13 − 2x ግን 11x አይሆንም፣ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነገር ይደመራል፣ በመጨረሻም 10 = 5x ይደርስና x = 2 ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ 1/2 እና 1/3ን መደመር ይፈልጋል።

ይህ ሲሰበሰብ ስድስት ነገር ይወጣል፦ የእኩል ምልክት ትርጉም፣ የኢንቲጀር ስሌት፣ የክፍልፋይ ስሌት፣ የፊደል ትርጉምና ተመሳሳይ ተርሞችን መሰብሰብ፣ ቅንፍ መፍታት፣ ቀላል እኩልታ መፍታት። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ወደ ፈተናው አይገባም። «ይህንንም ባውቅ ጥሩ ነበር» የሚባለው ሁሉ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ይቆይ።

ለአንድ ችሎታ ስንት ጥያቄ?

ሦስት። አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ተማሪው በችኮላ ተሳስቶ እንደሆነ ወይም የተሳሳተ ሕግ ይዞ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሁለት ከሆነና አንዱን አግኝቶ አንዱን ከሳተ ምን ሊባል ነው? ሦስት ሲሆኑ ግን አንድ ዓይነት ስህተት ሁለት ጊዜ ከታየ የእጅ መሳት ሳይሆን ሕግ ነው ለማለት ይቻላል። አራትና አምስት ማድረግ የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ግን አይበቃውም።

ስለዚህ ስድስት ችሎታ በሦስት ጥያቄ 18 ይሆናል። ከእነዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ኋላ የምንመለስባቸው ሁለት ጥያቄዎች ሲጨመሩ 20። ለአንዱ አጭር ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሰጥ 30 ደቂቃ ነው። ወረቀት ለማደልና ለማስረዳት አምስት፣ ለመሰብሰብ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

ሦስቱ ጥያቄዎች ደግሞ መንትያ መሆን የለባቸውም። የመጀመሪያው ችሎታውን ከሌላ ችግር ነጥሎ ይጠይቅ፣ ቀሪዎቹ ሌላ ነገር ይቀላቅሉበት። በተለይ ለእኩልታ መፍታት ይህ ወሳኝ ነው። ሦስቱንም በነጌቲቭ ቁጥር ካወጣናቸው ተማሪው የወደቀው እኩልታ ስላላወቀ ይሁን ኢንቲጀር ስላላወቀ አይታወቅም። ስለዚህ እንዲህ ይሁኑ፦

```
1)  5x + 3 = 2x + 18
2)  7x - 3 = 4x - 15
3)  4x = 3
```

አንደኛው በፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ የሚያልቅ ነው፤ መልሱ 5። ይህን የሠራና ሁለተኛውን (መልሱ −4) የሳተ ተማሪ የእኩልታው ሥርዓት ገብቶታል፤ ችግሩ ምልክት ላይ ነው። ሦስተኛው አጭር ቢመስልም ብዙ ያጋልጣል። 4/3 ብሎ የሚመልስ አለ፤ ትልቁ ቁጥር ምንጊዜም ላይ መሆን አለበት ብሎ ያምናልና። −1 የሚል አለ፤ 4x ማለት 4 ሲደመር x ነው ብሎ 4ን ቀንሷል። «መልስ የለውም» የሚልም አለ፤ x ሙሉ ቁጥር ብቻ ይመስለዋል።

ቁጥር መምረጥ፦ የሥራው እምብርት

ፈተና አውጪዎች ብዙ ጊዜ ጥያቄው ላይ ይደክማሉ፤ ቁጥሮቹን ግን እጃቸው እንደመጣ ያስቀምጣሉ። በምርመራ ፈተና ውስጥ ግን ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ የታወቀ የተሳሳተ አካሄድ የተለያየ መልስ መስጠት አለበት፤ አንዱም ከትክክለኛው መልስ ጋር መግጠም የለበትም።

መጥፎውን እንይ። «a = 2 ከሆነ 2a² ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ትክክለኛ መልሱ 8 ነው። a² ማለት 2 ጊዜ a ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ a²ን 4 ይላል፣ በ2 ያባዛል፣ 8 ያገኛል። ሙሉ ነጥብ አገኘ፣ ስህተቱም ተደበቀ። 2 ሲደመር 2፣ 2 ሲባዛ በ2፣ 2² ሁሉም 4 ስለሆኑ 2 ለዚህ ሥራ የማይሆን ቁጥር ነው። a = 3 ብናደርገውስ? ትክክሉ 18 ይሆናል። a²ን 2 ጊዜ a ያደረገው 12 ይላል። መጀመሪያ 2ን በ3 አባዝቶ ከዚያ በሁለት ያነሣው 36። 2ንና 9ን ጎን ለጎን ያስቀመጠው 29። አራት አካሄድ፣ አራት መልስ። የተማሪውን አሠራር ሳናይ እንኳ መልሱ ራሱ ይናገራል።

ኢንቲጀር ላይም እንዲሁ። «−5 − 3» ጥሩ ጥያቄ ነው። ትክክሉ −8፤ «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን የብዜት ሕግ ወደ መቀነስ ያመጣው 8 ይላል፤ መጠኖቹን አቀናንሶ ምልክቱን ያቆየው −2፤ ምልክቱን ጨርሶ የተወው 2። ከእርሱ ጋር «−4 − (−9)» ሲገባ ትክክሉ 5 ነው፤ ያንኑ ሕግ የሚከተለው 13 ይላል፣ ሁለተኛውን ምልክት ያላየው −13። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው 8፣ በሁለተኛው 13 ካለ ምን ሕግ እንደያዘ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሦስተኛው «3 − 8» ይሁን። 5 የሚል ካለ ከትንሽ ትልቅ አይቀነስም የሚለው የታችኛ ክፍል ትምህርት አልለቀቀውም።

ለክፍልፋይ 2/3 + 1/5 ይውሰዱ። ትክክሉ 13/15 ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት የደመረው 3/8 ይላል። የጋራ ታህት 15 አግኝቶ ላዕሎቹን ሳይለውጥ የደመረው 3/15፤ ያባዛው 2/15። 3/8 ያለውና 3/15 ያለው ተማሪ እኩል «ተሳስተዋል» ቢባልም የሚያስፈልጋቸው ትምህርት በጣም ይለያያል። ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ አንድ እርምጃ ብቻ ጎድሎታል።

ለቅንፍ «5 − 2(x − 4)» በቂ ነው። ትክክሉ 13 − 2x። በመጀመሪያ 5 − 2ን የሠራው 3x − 12 ያገኛል። ምልክቱን የሳተው −3 − 2x፣ −2ን ለ x ብቻ ያደረሰው 1 − 2x።

ወደ እኩልታው እንመለስና 5x + 3 = 2x + 18ን በዚህ ዓይን እንፈትሸው። «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን አባባል ሁሉም ተማሪ ሰምቶታል፤ የሚያጠፉት ግን በተለያየ ቦታ ነው። 3ን ሳይቀይር ያሻገረው 3x = 21 ብሎ 7 ይላል። 2xን ሳይቀይር ያሻገረው 7x = 15 ላይ ይደርሳል። ሁለቱንም ሳይቀይር ያሻገረው 7x = 21 ያገኝና 3 ይላል። ይህ የመጨረሻው ድፍን ቁጥር ስለወጣለት አይጠራጠርም፤ መልሱን መልሶ የመተካት ልማድ እንደሌለውም በዚያው ይታወቃል።

ይህን ሥራ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙት፦ ጥያቄው፣ ትክክለኛ መልሱ፣ የሚጠበቁ ሁለት ወይም ሦስት የተሳሳቱ መልሶች፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ ያለው አካሄድ። ሦስተኛውን ዓምድ መሙላት ያቃተው ጥያቄ ከፈተናው ይውጣ። «3x = 12»ን ለምሳሌ ማንም በግምት ያገኘዋል፤ የሳተው ደግሞ ለምን እንደሳተ አይታወቅም።

እኩል ምልክትና ፊደል

እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ የሚለዩት ስሌት ስላልሆኑ ነው። ተማሪው ስምንት ዓመት ሙሉ = የሚለውን ምልክት «መልሱን እዚህ ጻፍ» ብሎ ሲያነብ ኖሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ንባብ 5x + 3 = 2x + 18 ትርጉም የለውም፤ ከምልክቱ በስተቀኝ መልስ መኖር ሲገባው ሌላ ሥራ አለ።

«9 + 6 = □ + 4» ይጠይቁ። ትክክሉ 11 ነው። 15 ያለው ምልክቱን እንደ ትዕዛዝ አንብቦታል። 19 ያለው ያየውን ቁጥር ሁሉ ደምሯል። ይህ ዓይነት ጥያቄ በብዙ አገር የተሞከረ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪን የሚያሳፍር ቀላል ነገር ቢመስልም መተው የለበትም። ሁለተኛው «43 + 28 = 44 + □» ይሁን (27፤ የተለመዱት ስህተቶች 71 እና 115)። ሦስተኛው «12 = 5 + 7 እውነት ወይስ ሐሰት? ለምን?»። «ተገልብጧል» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ፊደል ላይ «4x + 3 አሳጥሩ» ሲባል 7x የሚለው ስህተት የታወቀ ነው። ጥያቄው ራሱ ግን ወጥመድ እንዳይሆን በፈተናው መግቢያ ላይ «ከዚህ በላይ ማሳጠር የማይቻል ከሆነ አይቻልም ብላችሁ ጻፉ» የሚል መመሪያ ይኑር። ያለበለዚያ ተማሪው የተጠየቀውን ለመፈጸም ብሎ ይደምራል። ከሱ ቀጥሎ የላይኛው 2a² ይምጣ። ሦስተኛው ፊደሉ ለቁጥር ወይስ ለዕቃ እንደቆመ የሚጠይቅ ይሁን፦ «አንድ እስክሪብቶ 20 ብር ነው። አበበች p እስክሪብቶ ገዛች። p ምንን ያመለክታል?» «እስክሪብቶን» ያለ ተማሪ ፊደልን እንደ ምሕጻረ ቃል ያነበዋል፤ ኋላ የቃላት ችግር ላይ እኩልታ ሲያቆም የሚገለብጠው እሱ ነው። «የእስክሪብቶዎችን ብዛት» ያለው ገብቶታል።

ቋንቋውን ከሒሳቡ መለየት

9ኛ ክፍል ላይ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የቃላት ጥያቄ ላይ የወደቀ ተማሪ አልጀብራው አቅቶት ይሁን አረፍተ ነገሩ አልገባው ብሎ ካልለየን ያልታመመበትን እናክማለን።

ለዚህ የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። ፈተናውን በ«ሀ» እና በ«ለ» ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት የቃላት ጥያቄ ይኑር። አንደኛው «በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ቁጥር S፣ የመምህራን ቁጥር T ነው። ለአንድ መምህር 40 ተማሪ ይደርሳል። በS እና በT እኩልታ ጻፉ» የሚል ይሁን፤ ሌላው በሳጥንና በጠርሙስ የተሠራ መንትያው። በ«ሀ» ቅጂ የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በተማሪው ቋንቋ ይጻፋል፤ በ«ለ» ቅጂ ይገለበጣል። በሁለቱም ቋንቋ 40S = T ብሎ የጻፈ ቃላቱን በቅደም ተከተላቸው ወደ ምልክት ቀይሯል። ይህ የፊደል ትርጉም ችግር ነው። በራሱ ቋንቋ S = 40T ብሎ በእንግሊዝኛው ባዶ የተወው ግን አልጀብራው አለው፤ የሚያስፈልገው የቃላት ዝርዝር ነው።

ሁለት ቅጂ ማድረጉ ኩረጃንም ይቀንሳል፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን በ«ለ» ቅጂ ላይ ቁጥሮቹ ሲቀየሩ የመለየት አቅማቸው እንዳይጠፋ ሁሉም ስህተት እንደገና መሰላት አለበት። ለ5x + 3 = 2x + 18 ምትክ 6x + 4 = 2x + 28 ይሆናል፤ ትክክሉ 6፣ ስህተቶቹ 8፣ 3 እና 4 ይወጣሉ። አልተደራረቡም፤ ይሠራል።

ምርጫ ወይስ አጭር መልስ

ክፍሉ 60 ሲሆን ምርጫ ማድረግ ያጓጓል። ጉዳቱን በቁጥር እንየው። አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ አንዱን በግምት የማግኘት ዕድል ሩብ ነው። ከሦስት ጥያቄ ሁለትና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከ64 ውስጥ 10፣ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ማለትም ምንም ከማያውቁ ስድስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ «ያውቃል» ተብሎ ያልፋል። ከዚህ የሚብሰው ምርጫው ራሱ የተማሪውን አሳብ ማነቃቃቱ ነው፤ ራሱ ያላሰበውን ስህተት አይቶ ይመርጠዋል።

አጭር መልስ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት መስመር የመሥሪያ ቦታና የመልስ ሳጥን ይኑረው። ከሳጥኑ ጎን ደግሞ ትንሽ ክብ ይሳልና «ይህን አልተማርኩትም» የሚል ይጻፍበት። ባዶ የተተወ መልስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አልተማረውም፣ ረስቶታል፣ ጊዜ አልደረሰውም። ክቡ የመጀመሪያውን ከሌሎቹ ይለያል።

ፎቶኮፒ ከሌለ ጥያቄዎቹን በጥቁር ሰሌዳ መጻፍ ይቻላል። ያኔ ሁለት ቅጂ የሚሆነው ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ ነው። ተማሪዎቹ ጥያቄውን ሲገለብጡ ምልክት እንዳይጥሉ ቁጥሩንና መልሱን ብቻ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ «−5 − 3»ን «5 − 3» ብሎ የገለበጠ ተማሪ 2 ሲል ስህተቱ የሒሳብ ይመስላል።

ከመስጠቱ በፊትና በሚሰጥበት ቀን

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል በችሎታ አይሰለፍ። ስድስተኛው ችሎታ ሙሉ በሙሉ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ቀስ ብለው የሚሠሩ ተማሪዎች ሁሉ እኩልታ የማያውቁ መስለው ይወጣሉ። የእያንዳንዱን ችሎታ አንደኛ ጥያቄ በመጀመሪያው ሦስተኛ እጅ፣ ሁለተኛውን መካከል፣ ሦስተኛውን መጨረሻ ይበትኑት።

ከዚያ ለአምስት ወይም ለስድስት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይስጡት። ዓላማው ውጤታቸው አይደለም። ሰዓት ይያዙ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ከወሰደባቸው ለ9ኛ ክፍል ረጅም ነው። ሲጨርሱ የተሳሳቱትን «እስቲ እንዴት እንዳገኘህው እየነገርከኝ ሥራው» ይበሏቸው። በሠንጠረዡ ላይ ያልነበረ አካሄድ ከሰሙ ይጨምሩት፤ ጥያቄውን ያልተረዱት ከሆነ አረፍተ ነገሩን ይለውጡ።

ቀኑን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መስጠት ትርፍ የለውም። ተማሪ ገና እየተመዘገበ ነው፣ ሴክሽንም ይቀያየራል። ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ጥሩ ነው። የሳምንቱን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ አይምረጡ።

ለተማሪዎቹ የሚባለው አጭር ይሁን፦ ውጤቱ እንደማይመዘገብ፣ ወላጅም ዳይሬክተርም እንደማያየው፣ መሥሪያ ቦታው ላይ የሠሩትን እንዳያጠፉ፣ ያልተማሩትን ክቡን እንዲያጠቁሩ። እውነትም አይመዘገብ። ከአሥር ይያዛል የተባለ ዕለት ተማሪው ከጎረቤቱ ያያል፣ መምህሩም የጎረቤቱን እውቀት ሲያክም ይውላል። ካልኩሌተርና ሞባይል አይፈቀድም። በመሐል እጅ አውጥቶ «ቲቸር ይሄ ምን ማለት ነው?» ላለ ተማሪ ጥያቄውን ደግሞ ማንበብ እንጂ በምሳሌ ማስረዳት አይገባም፤ ብዙ ፈተና የሚበላሸው በዚህ ደግነት ነው።

እርማት፦ ነጥብ ሳይሆን ኮድ

ወረቀት በወረቀት አይታረምም። ጥያቄ 1ን በሁሉም ወረቀት ላይ፣ ከዚያ ጥያቄ 2ን፣ እንዲህ ይቀጠላል። አንድ ጥያቄ ላይ ዓይን ሲተከል የስህተት መልሶች እየተደጋገሙ ይታያሉ፤ ሥራውም ይፈጥናል። 60 ወረቀት በ20 ጥያቄ 1200 መልስ ነው፤ ለአንዱ አምስት ሰከንድ ቢወስድ 100 ደቂቃ።

ተማሪዎቹን በረድፍ፣ ጥያቄዎቹን በዓምድ የያዘ ሰፊ ወረቀት ያዘጋጁ። ከሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ልክ ከሆነ ✓፣ ካልሆነ ከስህተት ሠንጠረዡ የተወሰደ ፊደል ነው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ያልታወቀ ስህተት «ሌ» ይባል፣ ባዶ «ባ»፣ ክቡ የጠቆረበት «አ»። አንድ ጥያቄ ላይ «ሌ» ከአምስት በላይ ከሆነ ቆም ብለው መሥሪያ ቦታውን ይዩ፤ አንድ ያላሰቡት አካሄድ ተደብቋል ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁሉም ✓ ከሆነ ወይም ሁሉም ከሳተ ጥያቄው የለየው ነገር የለም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀየር። ድምር የሚጻፍበት ዓምድ አያስፈልግም። ካለ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል።

ሠንጠረዡን ማንበብ

በመጀመሪያ ወደ ታች ይነበባል። 58 ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል እንዲህ ወጣ እንበል (ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው)፦

| ጥያቄ | ልክ | በብዛት የታየው ስህተት |
|---|---|---|
| −5 − 3 | 21 | 8 (29 ተማሪ) |
| 2/3 + 1/5 | 38 | 3/8 (14 ተማሪ) |
| 5 − 2(x − 4) | 12 | −3 − 2x (24 ተማሪ) |
| 5x + 3 = 2x + 18 | 41 | 7 (6 ተማሪ) |
| 7x − 3 = 4x − 15 | 17 | −6 (13 ተማሪ) |

በጥሬው ሲታይ ቅንፍና ሁለተኛው እኩልታ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የቸኮለ መምህር «ቅንፍ ልከልስላቸው» ይላል። ግን ረድፉን ወደ ጎን እናንብብ። −5 − 3ን 8 ካሉት 29 ተማሪዎች አብዛኞቹ −3 − 2x ካሉት ውስጥ ካሉ ቅንፍ ላይ የታየው ስህተት የቅንፍ አይደለም። −2ን ለሁለቱም ተርም አድርሰዋል፤ የጠፋባቸው −2 ሲባዛ በ−4 የሚሰጠው ምልክት ነው። የመጀመሪያውን እኩልታ 41 ሰው መሥራቱም ይህንኑ ይመሰክራል፦ እኩልታ መፍታት ያውቃሉ፣ ነጌቲቭ ሲገባ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚጀመረው ከኢንቲጀር ነው፤ ለዚህ ክፍል ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ በቁጥር መስመር ላይ ማሳለፍ አንድ ሳምንት ቅንፍ ከመከለስ ይበልጣል። ትምህርቱም «ነጌቲቭ በነጌቲቭ» የሚለውን ሕግ ደግሞ ማስነገር መሆን የለበትም፤ እነሱ ሕጉን አያጡትም፣ ችግሩ የት እንደሚሠራ አለመለየታቸው ነው፤ ለመቀነስ ይጠቀሙበታል፣ ማባዛት ላይ ግን ይተዉታል። መቀነስንና ማባዛትን ጎን ለጎን አስቀምጦ −5 − 3 እና (−5)(−3) ለምን እንደሚለያዩ ማሠራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እኩልታ ላይ −6 ያሉት 13ቱ ግን ይጣሩ። −3ን ሳይቀይር ያሻገረ 3x = −18 ብሎ −6 ያገኛል። ምልክቱን ቀይሮ −15 + 3ን −18 ያደረገም −6 ያገኛል። ሁለት አካሄድ አንድ መልስ ላይ ተገናኙ፤ ቁጥር መምረጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይኸው። እዚህ መሥሪያ ቦታው ነው የሚዳኘው፦ «−15 − 3» ብሎ ጻፈ ወይስ «−15 + 3»?

ውሳኔው ላይ ለመድረስ የሚሠራ ልክ ይህ ነው። አንድ ስህተት ከክፍሉ ግማሽ በላይ ወይም ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ከያዘ ለሁሉም በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይሰጥበታል። ከሩብ ገደማ ከሆነ፣ እንደ 3/8 ባዮቹ 14፣ ምዕራፉ ሳይቆም በቡድን ይያዛሉ፤ የክፍልፋይ እኩልታ ከመድረሱ በፊት መያዛቸው በቂ ነው። አራት አምስት ብቻ ከሆኑ በአጋዥ ትምህርት ሰዓት ወይም በእረፍት ሊታዩ ይችላሉ። «አ» የበዛበት ዓምድ ካለ ደግሞ ክለሳ ሳይሆን እንደ አዲስ ማስተማር ነው የሚፈልገው።

ቡድኖች ከመመሥረታቸው በፊት ከእያንዳንዱ የስህተት ኮድ ሁለት ተማሪ ይጠሩና አንዱን ጥያቄ እየተናገሩ እንዲሠሩ ይጠይቁ። ሦስት ደቂቃ ለአንድ ተማሪ ይበቃል። ኮዱ የሚለውና ተማሪው የሚለው ከተለያየ የሚታመነው ተማሪው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በተማሩት ችሎታ ላይ ብቻ ሦስት ጥያቄ፣ ቁጥራቸው ተቀይሮ፣ በክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ ስድስት ደቂቃ ይሰጣል። በዚያው ሰፊ ወረቀት ላይ ከአሮጌው ኮድ ጎን በሌላ ቀለም ይሞላል። «ሀ» የነበረው ✓ ከሆነ ጥሩ። «ሀ» የነበረው «ለ» ከሆነ ተማሪው አንዱን የተሳሳተ ሕግ በሌላ ተክቶታል፤ ይህ ነጥብ ብቻ በሚያዝበት መዝገብ ላይ «ለውጥ የለም» ተብሎ ያልፍ ነበር። «ሀ» «ሀ» ሆኖ ከቀረ ደግሞ የተሰጠው ትምህርት ስህተቱን አልነካውም፤ ያ ተማሪ በዚያው መንገድ ሦስተኛ ጊዜ መማር የለበትም።